በግምት የተሞላ የመብራት ቢል ሲመጣ፦ አቤቱታውን እንዴት ይጽፋሉ?

ለሦስት ወር ያህል ትንሽና አንድ ዓይነት ሂሳብ ሲከፍሉ ቆይተው በአራተኛው ወር ከቀድሞው ብዙ እጥፍ የሆነ ቢል ይደርስዎታል። አብዛኛው ሰው ቢሉን ይዞ ወደ ቢሮ ይሄድና «ይህን ያህል አልተጠቀምኩም» ይላል። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ያይና «ቆጣሪዎ የቆጠረው ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ሠራተኛው ስለ ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ግን ሌላ እውነት አለው፦ ያ ሁሉ ፍጆታ የአንድ ወር አይደለም። ቆጣሪ አንባቢው ባልመጣባቸው ወራት ሂሳቡ በግምት ሲሞላ ቆይቶ፣ ቆጣሪው በትክክል በተነበበ ጊዜ ልዩነቱ በሙሉ በአንድ ወር ላይ ተጭኗል። ስለዚህ አቤቱታው «ቁጥሩ ስህተት ነው» ሳይሆን «ቁጥሩ የተጻፈበት ወር ስህተት ነው» ማለት አለበት። ይህ መመሪያ ያንን ደብዳቤ እንዴት እንደሚያዘጋጁ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ምሳሌው ደምበጫ ላይ ይሁን እንጂ አሠራሩ ለደብረ ማርቆስም ሆነ ለፍኖተ ሰላም ደንበኛ ያው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ይህ ችግር የሚመለከተው ከተጠቀሙ በኋላ የሚከፍሉበትን ቆጣሪ ነው። በካርድ አስቀድመው የሚሞሉ ከሆነ አንባቢም ግምትም የለም።

1. ቆጣሪውን ራስዎ ያንብቡ

ቢሉ በደረሰዎት ቀን ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ከግራ ወደ ቀኝ ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ይጻፉ። በአሮጌው ዓይነት ቆጣሪ ላይ በመጨረሻ በቀይ የተለየው ወይም ከነጥብ በኋላ ያለው አኃዝ በሂሳቡ ውስጥ አይገባም። እሱን ጨምሮ የጻፈ ሰው ፍጆታውን በአሥር እጥፍ አብዝቶ ያየዋል።

ከዚያ ፎቶ ያንሱ። የቆጣሪው ቁጥርና ንባቡ በአንድ ፎቶ ላይ መታየት አለባቸው፤ ንባቡ ብቻ የታየበት ፎቶ የማን ቆጣሪ እንደሆነ አያስረዳም። ስልክዎ የሚመዘግበው የፈረንጅ ቀን ስለሆነ በወረቀት ላይ የእኛን ቀን ጽፈው ከቆጣሪው ጎን ይዘው ያንሱት።

አሁን በቢሉ ላይ «የአሁን ንባብ» የሚለውን ቆጣሪው ላይ ካዩት ጋር ያነጻጽሩ። የሚጽፉት ደብዳቤ ዓይነት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

የቢሉ ንባብ ከቆጣሪው ከበለጠ ነገሩ ቀላል ነው። ቆጣሪ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይቆጥርም፤ ዛሬ ያልደረሰበትን ቁጥር ባለፈው ወር ሊያሳይ አይችልም። ግምቱ ከልክ በላይ ሆኗል ማለት ስለሆነ ቢሉ ተሰርዞ በትክክለኛው ንባብ እንዲሠራ ይጠይቃሉ። ፎቶው ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው።

የቢሉ ንባብ ከቆጣሪው በጣም ካነሰ ደስ አይበልዎት። ያልተከፈለበት ፍጆታ እየተጠራቀመ ነው፤ አንድ ቀን በአንድ ላይ ይመጣል። ሳይመጣ «ትክክለኛው ንባብ ይህ ነው፣ ከዚህ ወር ጀምሮ በዚህ ይሠራልኝ» ብለው ይጻፉ።

ሦስተኛው አስቸጋሪው ነው፦ የቢሉ ንባብ ከቆጣሪው ጋር ይስማማል፣ ሂሳቡ ግን ከባድ ነው። ከዚህ በኋላ የምንከተለው ይህን ነው።

2. ቢሎቹን በተርታ ይደርድሩ

ቢያንስ የስድስት ወር ቢል ያውጡና ከእያንዳንዱ «የቀድሞ ንባብ»፣ «የአሁን ንባብ» እና «ፍጆታ» የሚሉትን ሦስት ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይገልብጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር የከፈሉበት መልእክት የሚያሳየው ገንዘቡን ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ቢሎቹ ከጠፉ በደንበኛ ቁጥርዎ የፍጆታ ታሪክዎ ታትሞ እንዲሰጥዎ የአገልግሎት ማዕከሉን ይጠይቁ።

በግምት የተሞላ ወር ራሱን ያጋልጣል። ፍጆታው ለተከታታይ ወራት አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም 30 ወይም 50 እንደሚሉት ያለ ድፍን ቁጥር ነው። እንጀራ የሚጋገርበት፣ እንግዳ የሚመጣበት፣ ጾምና ፍስክ የሚፈራረቅበት ቤት ሦስት ወር በተከታታይ እኩል ሊጠቀም አይችልም። በመጨረሻ የሚመጣው ዝላይ ደግሞ ቆጣሪው በትክክል የተነበበበትን ወር ያሳያል።

ለማሳያ ደምበጫ የሚኖሩ አንዲት ደንበኛ እናስብ። መስከረም 20 ቀን ቆጣሪያቸው በትክክል ተነቦ 14,236 ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ቢሎች እንዲህ ይላሉ፦

- ጥቅምት 20፦ ንባብ 14,266፣ ፍጆታ 30
- ኅዳር 20፦ ንባብ 14,296፣ ፍጆታ 30
- ታኅሣሥ 20፦ ንባብ 14,326፣ ፍጆታ 30
- ጥር 20፦ ንባብ 14,586፣ ፍጆታ 260

ሦስቱ ሠላሳዎች ግምት ናቸው። 260ው የጥር ብቻ ሳይሆን የሦስቱም ወር ጉድለት የተደመረበት ነው።

3. ትክክለኛውን ፍጆታ ያስሉ

በሁለቱ እውነተኛ ንባቦች መካከል ያለውን ልዩነት ይውሰዱ። 14,586 ሲቀነስ 14,236 እኩል ይሆናል 350 ኪሎዋት ሰዓት። ከመስከረም 20 እስከ ጥር 20 ያለው 120 ቀን ነው። 350 ለ120 ሲካፈል በቀን 2.92 ገደማ፣ በ30 ቀን ወር ደግሞ 87.5 ይሆናል። ወሩን ሳይሆን ቀኑን መቁጠር የሚሻለው ንባቡ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ስለማይወሰድና ጳጉሜን የገባችበት ሂሳብ ከሠላሳ ቀን ስለሚበልጥ ነው።

ቀጥሎ ውጤቱ የሚታመን መሆኑን ይፈትሹ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚጋግር ቤት በምጣዱ ብቻ በሳምንት 10.5፣ በወር 45 ያህል ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ማቀዝቀዣ፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ሲጨመር 87 ላይ መድረስ አያስገርምም። ስለዚህ ደንበኛችን 350ውን ተጠቅመዋል፤ እንዲያውም 30 ያሉት ግምቶች ምጣዱን እንኳ አይሸፍኑም። «አልተጠቀምኩም» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይረቱ ነበር።

አማካዩ በጭራሽ የማይታመን ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የቤቱን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ያውርዱና ቆጣሪውን ይዩ። ምንም ሳይሠራ ዲስኩ የሚዞር ወይም መብራቱ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ቆጣሪው ተበላሽቷል ወይም ከመስመርዎ ሌላ ሰው እየተጠቀመ ነው። ያኔ የሚጠይቁት የቆጣሪ ምርመራ ነው፤ ሂሳብ ማካፈል አያድንዎትም።

4. የተጎዱበትን ነገር ለይተው ይወቁ

«350 ተጠቅሜ 350 ከተጠየቅሁ ምን ጎደለኝ?» ይሉ ይሆናል። የሚጎዳው ታሪፉ በእርከን መሆኑ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300፣ እስከ 400፣ እስከ 500 እና ከዚያ በላይ እያለ ይወጣል፤ እርከኑ ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በሥራ ላይ በነበረው ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን 0.2730 ብር ሲሆን ከ101 እስከ 200 ያለው 1.6250 ብር ነበር፤ ስድስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

የደንበኛችን ፍጆታ በየወሩ ቢነበብ ኖሮ አራቱም ወራት ከ100 በታች ይሆኑ ነበር። አሁን ግን ሦስቱ ወራት ከመጀመሪያው እርከን ሳያልፉ፣ ጥር ብቻውን 200ን አልፎ ሄዷል። ያንኑ 350 ኪሎዋት ሰዓት በዚያ ታሪፍ ብናሰላው፣ ተጠራቅሞ ሲመጣ የሚከፈለው በየወሩ ቢከፈል ከሚሆነው ከእጥፍ ይበልጣል።

ሁለት ነገሮች ጉዳቱን ያባብሱታል። አንደኛ፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል፤ ስለዚህ በጥቅምት የተጠቀሙት በጥር ሲጠየቅ በአዲሱ ዋጋ ይሰላል። ሁለተኛ፣ የመኖሪያ ቤት ፍጆታ በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት ሲያልፍ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣበታል። በወር 87 የሚጠቀም ቤት ይህ ታክስ ሊነካው አይገባም ነበር።

5. ደብዳቤውን ይጻፉ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በአራት ጥያቄዎች ላይ ይቁም፦ እኔ ማነኝ፣ ምን ተከሰተ፣ ማስረጃዬ ምንድን ነው፣ ምን እንዲደረግልኝ እፈልጋለሁ። ብዙ አቤቱታ የሚከሽፈው በመጨረሻው ነው። «ይጣራልኝ» ወይም «መፍትሔ ይሰጠኝ» የሚል ደብዳቤ ሠራተኛውን ምንም አያስገድደውም፤ «ተጣርቷል፣ ልክ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። የሚፈልጉትን በቁጥር ይጻፉ።

የሚጠቅምዎትን ብቻ ሳይሆን የሚጎዳዎትንም ይጻፉ። ሂሳቡ ሲከፋፈል የጥር ይቀንሳል፣ የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ግን ይጨምራል። ይህን ራስዎ ቀድመው ሲያነሱት ዕዳ ለመሸሽ እንዳልመጡ ይታያል።

ደብዳቤው የሚሄደው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የቀድሞው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ቆጣሪ፣ ንባብና ሂሳብ መሰብሰብ ለአገልግሎቱ ነው የደረሱት፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግድቦችንና ታላላቅ መስመሮችን ይይዛል። ለእሱ የተጻፈ ማመልከቻ ይመለሳል።

ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ውሉ በማን ስም እንደሆነ ይዩ። በአከራይዎ ስም ከሆነ አመልካቹ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ይፈርሙ ወይም ውክልና ይስጡዎት።

ናሙናው ይኸውና፦

> ቀን፦ የካቲት 3 ቀን ……… ዓ.ም.
>
> ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት
> የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል
> ደምበጫ
>
> ጉዳዩ፦ በግምት ንባብ ምክንያት በጥር ወር ላይ የተጠራቀመው ፍጆታ ለአራት ወር ተከፋፍሎ እንደገና እንዲሰላልኝ ስለመጠየቅ
>
> እኔ አመልካች በደምበጫ ከተማ ቀበሌ …… የምኖር፣ የደንበኛ ቁጥሬ ………፣ የቆጣሪ ቁጥሬ ……… የሆነ የመኖሪያ ቤት ደንበኛ ነኝ።
>
> ቆጣሪዬ መስከረም 20 ቀን ተነቦ 14,236 ነበር። ከዚያ በኋላ የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሂሳብ በየወሩ 30 ኪሎዋት ሰዓት እየተባለ በእኩል ተሞልቷል። ጥር 20 ቀን ቆጣሪው ሲነበብ 14,586 በመሆኑ የጥር ፍጆታ ብቻ 260 ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ ሂሳብ ቀርቦብኛል።
>
> በሁለቱ ንባቦች መካከል በጠቅላላው 350 ኪሎዋት ሰዓት መጠቀሜን አልክድም። ነገር ግን ይህ ፍጆታ የ120 ቀን ሲሆን በወር 87.5 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። በአንድ ወር ላይ በመደመሩ ካልደረስኩበት የታሪፍ እርከን ገብቻለሁ፤ በቀደሙት ወራት የተጠቀምኩትም በጥር ታሪፍ ተሰልቶብኛል።
>
> ስለዚህ፦
>
> 1ኛ. 350 ኪሎዋት ሰዓቱ ለአራቱ ወራት እኩል ተከፋፍሎ እያንዳንዱ በወሩ ታሪፍ እንዲሰላልኝ፤ በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጎድሎ የተከፈለውን ልዩነት ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፤
>
> 2ኛ. የጥር ቢል በተስተካከለው እንዲተካልኝ፤ ከፍዬ ከተገኘሁም ብልጫው ለሚቀጥለው ሂሳብ እንዲታሰብልኝ፤
>
> 3ኛ. ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ በዚህ ቢል ምክንያት መስመሬ እንዳይቆረጥ፤
>
> 4ኛ. ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> የአመልካች ስም፣ ፊርማና ስልክ ………
>
> አባሪ፦ የአምስት ወር ቢል ቅጂ፣ የቆጣሪ ፎቶ፣ የስሌት ወረቀት (በድምሩ …… ገጽ)

የአምስት ወር ቢል ያልነው የመስከረሙ ስለሚያስፈልግ ነው። መነሻው ንባብ 14,236 መሆኑን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ማስረጃው ከሌለ ሠራተኛው መነሻውን እንዲቀበል አያስገድዱትም።

6. አስገቡ ማለት አስመዘገቡ ማለት ነው

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስመትተው ለራስዎ ያስቀሩ። «እዚህ ይተዉልን፣ እንደውልልዎታለን» ቢባሉም ያለ ማኅተም አይመለሱ። ያልተመዘገበ ወረቀት ሲጠፋ ጉዳዩም አብሮ ይጠፋል፤ በኋላ ወደ በላይ አካል ሲሄዱም መጀመሪያ የሚጠየቁት «ለታች አቅርበው ነበር?» ተብለው ነው።

በዚያው ቀን በነፃ የጥሪ ማዕከሉ ቁጥር 905 ደውለው ቅሬታዎን ያስመዝግቡ። የሚሰጥዎትን ቁጥርና ሰዓቱን በማኅተሙ ቅጂ ጀርባ ይጻፉ። ስልኩ ደብዳቤውን አይተካም፤ ቀኑን ግን ሁለት ቦታ ያስመሰክራል።

7. እስኪወሰን ልክፈል ወይስ ልቆይ?

ቢሉ ሳይከፈል ከቆየ መስመሩ ይቆረጣል፤ ለማስቀጠልም ሌላ ክፍያ አለ። መጀመሪያ የማዕከሉን ኃላፊ በተመዘገበው ደብዳቤዎ መሠረት የማይቆረጥ መሆኑን በጽሑፍ ወይም ቢያንስ በደብዳቤዎ ላይ በመምራት እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ።

ይህ ካልተገኘና ቀኑ ካለቀ ይክፈሉ፤ መክፈል መብትዎን አያጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው ያስመልሳል ይላል። ከፍለው ደረሰኙን ከአንድ አጭር ወረቀት ጋር ያስመዝግቡ፦ «የጥርን ሂሳብ የከፈልኩት መስመሬ እንዳይቆረጥ እንጂ ሂሳቡን አምኜበት አይደለም፤ በቀን …… በቁጥር …… ያቀረብኩት ቅሬታ እንዲቀጥል እጠይቃለሁ።»

8. መልሱን ይመዝኑ

ብዙ ጊዜ ከሦስት መልሶች አንዱ ይሰጥዎታል። «ቆጣሪው የቆጠረው ነው» ካሉ ስለ ጠቅላላው መጠን እንደማይከራከሩ ደብዳቤዎን ያሳዩ፤ ጥያቄዎ ስለ ወሩ ነው። «በር ተዘግቶ ነበር፣ አንባቢው አልገባም» ካሉ ይህ ግምት መሆኑን ማመን ነው፤ ቃሉ በጽሑፍ ይሰጠኝ ይበሉ። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት አንባቢ አለመምጣቱም ለማንም የሚገባ ምክንያት ነው፤ ሆኖም ያልተነበበው ወር ከተነበበው ጋር ለምን እንደተደመረ አይመልስም። «ሲስተሙ አይፈቅድም» ካሉ ደግሞ የሚፈቅደው ማን እንደሆነ ጠይቀው ደብዳቤዎ በሸኚ ወደዚያ እንዲላክ ያድርጉ።

አጥጋቢ መልስ ከሌለ በደረጃ ይሂዱ፦ ከማዕከሉ ወደ ዲስትሪክቱ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው የአገልግሎቱ የክልል ጽሕፈት ቤት። በእያንዳንዱ ደረጃ አዲስ ታሪክ አይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከነማኅተሙ አያይዘው በሁለት መስመር «በቀን …… አቅርቤ መልስ አላገኘሁም» ይበሉ። ከተቋሙ ውጭ፣ የዘርፉ ተቆጣጣሪ አዲስ አበባ ያለው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ የአስተዳደር በደል አቤቱታን ደግሞ የኢትዮጵያ ዕንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ይቀበላል፣ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። እነዚህ የሚያዩዎት በውስጥ ያለውን ደረጃ ጨርሰው ከመጡ ነው።

9. የሚቀጥለውን ቢል ይፈትሹ

«ተስተካክሏል» ከተባሉ በኋላ የሚመጣው ቢል ላይ ሁለት ነገር ይዩ። «የቀድሞ ንባብ» 14,586 መሆን አለበት፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ ማስተካከያው በተሳሳተ ንባብ ላይ ተሠርቷል። የጥር ልዩነት ደግሞ ተቀናሽ ሆኖ መታየት አለበት፤ «ውዝፍ» ተብሎ ከመጣ ውሳኔው ወረቀት ላይ እንጂ ሂሳቡ ውስጥ አልገባም። በሁለቱም ጊዜ የማኅተሙን ቅጂና ቢሉን ይዘው እዚያው ሳምንት ይመለሱ፤ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ልዩነቱ ከአዲስ ፍጆታ ጋር ተቀላቅሎ ለመለየት ይከብዳል።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ አንባቢ በሚመጣበት ቀን አካባቢ ቆጣሪውን አንድ ፎቶ ያንሱ። ቆጣሪው በግቢ ውስጥ ከሆነና ቤት የሚዘጋ ከሆነ ንባቡን ለማዕከሉ ያሳውቁ። ግምት የገባበትን ወር በዚያው ወር ካገኙት ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለአራት ወር የሚከፋፈል ነገርም አይኖርም።